የመልሱ ወረቀትና የልጅቱ ደብተር

ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ የደብረ ማርቆስን ባሕር ዛፍ እያወዛወዘ በሚያልፍበት በአንድ የኅዳር ምሽት፥ ጋቢዬን ተከናንቤ፥ ስልኬን ከመጽሐፍ ላይ አስደግፌ፥ የመልሱን ወረቀት በቀኝ፥ የውጤት መዝገቡን በግራ ዘርግቼ የ27 ተማሪዎችን የግእዝ ትርጉም መልመጃ ለማረም ተቀመጥሁ። እነዚህ ወጣቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ ዘንድ ግእዝ የሚማሩ ናቸው፤ በሳምንቱ መካከል የሚሰጣቸውን የቤት ሥራ በደብተራቸው ይሠሩና ገጹን ፎቶግራፍ አንሥተው በቴሌግራም ይልኩልኛል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ምክንያት በተዘጉ ጊዜ የቸገረን መምህራን የያዝነው ልማድ፥ ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ሳይቀር እስከ ዛሬ አብሮን ይኖራል።

የዚያ ሳምንት መልመጃ አምስት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ነበሩት፤ ለእያንዳንዱም ሁለት ነጥብ ተመድቦለት ነበር። ግእዙን ያዘጋጀሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ እንዲህ ይላል።

መጽአ ንጉሥ ውስተ ሀገር ወተቀበልዎ ሕዝብ።
ዐርገ መምህር ውስተ ደብር ምስለ አርዳኢሁ።
ርእየ ሙሴ ንጉሠ።
ሰአለት ብእሲት ኀበ ንጉሥ።
ዝንቱ በግዕ ይትበላዕ በበዓል።

የመልሱም ወረቀት፥ እርሱም በእጄ የተጻፈው፥ ይህን ይል ነበር።

ንጉሥ ወደ ሀገር መጣ፥ ሕዝብም ተቀበሉት።
መምህር ከደቀ መዛሙርቱ ጋራ ወደ ደብር ወጣ።
ሙሴ ንጉሥን አየ።
ሴት ንጉሥን ለመነች።
ይህ በግ በበዓል ይበላል።

ሃያኛውን ገጽ አልፌ ወደ ሃያ አንደኛው በደረስሁ ጊዜ ዓይኔ ደክሞ ነበር፤ የድካም ዓይን ደግሞ ወደ ግእዙ መመለስን ትቶ ወረቀትን ከወረቀት ማመሳከር ይቀለዋል። ገጹ የአንዲት የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረድ ነበር። በሰማያዊ ቀለም፥ ፊደሉን ለያይታ፥ መስመሩን ሳትለቅ እንዲህ ጽፋለች። «ንጉሡ ወደ ከተማው መጡ፤ ሕዝቡም ተቀበላቸው። መምህሩ ተማሪዎቻቸውን አስከትለው ወደ ተራራው ወጡ። ንጉሡን ሙሴ አያቸው። ሴቲቱ ንጉሡን ለመነች። ይህን በግ በበዓል ይበሉታል።» ከወረቀቴ ጋራ የሚገጥመው አራተኛው ብቻ ሆኖ ስላገኘሁት ለእርሱ ሁለት፥ ለሦስተኛው ደግሞ እንደ ምጽዋት አንድ ሰጥቼ፥ በድምሩ ከ10 ሦስት ብዬ መዘገብሁና ወደሚቀጥለው ገጽ አለፍሁ።

በማግሥቱ ማለዳ ከልጅቱ አንዲት አጭር መልእክት ደረሰችኝ። «መምህር፥ ሀገረ ዳዊት የዳዊት ከተማ ተብሎ አይደለም ወይ የሚተረጐም? ከተማ ያልሁት ስለዚህ ነው።» ከዚህ ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ነጥብ እንዲጨመርላትም አልጠየቀችም። እኔ ግን መልእክቷን ሦስት ጊዜ ካነበብሁ በኋላ የውጤት መዝገቤን አጥፌ፥ የመልሱን ወረቀትና የልጅቱን ፎቶግራፍ ይዤ፥ ቅኔ ወዳስተማሩኝ ወደ የኔታ ሄድሁ።

የኔታ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ደብር አጠገብ፥ በሣር ክዳን ጎጆ የሚኖሩ፥ በወጣትነታቸው ከዲማ እስከ ዋሸራ በጎጃም የቅኔ አድባራት የዞሩ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን ከነገርኋቸው በኋላ የመልሱን ወረቀት ልሰጣቸው እጄን ብዘረጋ አልተቀበሉኝም። «እርሱን አስቀምጠው ልጄ፤ ግእዙን አንብብልኝ» አሉኝ። አነበብሁላቸው። «አንቀጹ ማን ነው?» «መጽአ ነው፥ የኔታ።» «ባለቤቱስ?» «ንጉሥ።» «ወዴት መጣ?» «ውስተ ሀገር።» «ሁለተኛው አንቀጽ?» «ተቀበልዎ።» «የተቀበለ ማን፥ ተቀባይ ያገኘውስ ማን?» «የተቀበለው ሕዝብ ነው፤ በመጨረሻው ዎ የተመለከተው ደግሞ ንጉሡ ነው።» «በል አሁን የልጅቱን አንብብ።» አነበብሁ። «ከቆጠርኸው ውስጥ የጎደለ አለ?» «የለም።» «ያልነበረ የገባስ?» ጥቂት አሰብሁና «የለም» አልሁ። ወዲያው የመልሱን ወረቀት በዓይናቸው እያመለከቱ «ታዲያ የፈረደባት ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ያ ጥያቄ የሥራዬን ቅደም ተከተል ገለበጠው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የተማሪውን ትርጉም የምመዝነው ከእኔ ትርጉም ጋራ ነበር፤ የእኔ ትርጉም ግን ራሱ ከግእዙ የተቀዳ አንድ ቅጂ እንጂ ምንጩ አልነበረም። ሁለት ቅጂዎች እርስ በርሳቸው ሳይመሳሰሉ ሁለቱም ለምንጩ ታማኞች ሊሆኑ ይችላሉ፤ እንዲያውም የተሳሳተው የመልሱ ወረቀት ራሱ ሊሆን ይችላል። የልጅቱን ገጽ ከግእዙ ጋራ እንደገና ባነጻጸርሁ ጊዜ ያገኘሁት ይህንኑ ነው።

ሀገር የሚለው ቃል በአማርኛችን ሰፊውን ምድር፥ መንግሥት ያለውን ወሰን ያመለክታል፤ በግእዝ ግን ብዙውን ጊዜ ከተማን ነው የሚለው። ስለዚህ «ወደ ሀገር መጣ» ያልሁት እኔ ፊደሉን ጠብቄ ትርጉሙን ለቅቄአለሁ፤ «ወደ ከተማው መጡ» ያለችው ልጅ ፊደሉን ለቅቃ ትርጉሙን ጠብቃለች። በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ያለው ደብርም እንዲሁ ነው፤ በአማርኛ ደብር ስንል ካህናት የሚያገለግሉበትን ቤተ ክርስቲያን እናስባለን፥ በግእዝ ግን የቃሉ መሠረት ተራራ ነው። የምንኖርባት ከተማ ስም ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። ጥንት መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ምክንያት ደብረ ማርቆስ ተባለች፤ ይህን ስም «የማርቆስ ተራራ» ብሎ ቃል በቃል የሚፈታውም፥ «የማርቆስ ደብር» የሚለውም፥ ስሙ የተሰጠበትን ምክንያት እስካወቀ ድረስ አልሳተም። በመልመጃው ዐረፍተ ነገር ግን መምህሩ የወጣው፥ ዐርገ እንደሚል፥ ወደ ከፍታ ነውና ተራራ የሚለው ይቀድማል። አማርኛና ግእዝ በመልክ አንድ፥ በትርጉም ግን የተለያዩባቸው እንዲህ ያሉ ቃላት ብዙ ስለሆኑ፥ ገዳም የሚለውም በግእዝ ዱርና ሜዳን ማለቱን ልብ ይሏል፥ ቃሉን እንዳለ የገለበጠ መልስ ሁልጊዜ ይበልጥ የታመነ ነው ብሎ የሚያርም ሰው ትጉሁን ተማሪ ይቀጣል።

ሁለተኛው ልዩነት በመጣና በመጡ መካከል ያለው ነው። ግእዝ ለንጉሥም ለእረኛም አንድ አነጋገር አለው፤ «አንተ» ብሎ ይጠራል፥ «መጽአ» ብሎ ይተርካል። አማርኛ ግን አክብሮትን በግሥ ላይ ያኖራል፤ ስለዚህ ከግእዝ የሚተረጕም ሰው ግእዙ ያልጠየቀውን ነገር በግድ መምረጥ አለበት። ልጅቱ ለንጉሡና ለመምህሩ የአክብሮቱን መርጣለች፤ ያደገችበት ቤትና ሠፈር የሚናገረው እንደዚያ ነውና። እኔ ደግሞ የግእዙን ድምፅ ለማስቀረት አንተታውን መርጫለሁ። ሁለቱም ይቆማሉ። የማይቆመው አንድ ነው፤ እርሱንም በሌላ ተማሪ ገጽ አገኘሁት። «ንጉሡ መጡ፤ ሕዝቡም ተቀበለው» ይላል። ይህ ተማሪ በመጀመሪያው ግሥ አክብሮ በሁለተኛው ተወው፤ አንባቢ ደግሞ ሕዝቡ የተቀበለው ሌላ ሰው፥ ምናልባት የንጉሡ አሽከር ነው ብሎ ያስባል። እዚህ ላይ የጠፋው አክብሮት ብቻ ሳይሆን ባለቤቱና ተሳቢው የሚታወቁበት ክር ነው፤ ስለዚህ አንድ ነጥብ ሊያስቀንስበት ይገባል። ንጉሥ፥ ንጉሡ፥ አንድ ንጉሥ በሚሉት መካከል ስላለው ልዩነትም ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ግእዙ ብቻውን ንጉሥ ሲል ታውቆም ሳይታወቅም ሊሆን ይችላልና።

የኔታ በልጅቱ ሁለተኛ መልስ ላይ ግን አንድ ነገር ነቀፉ። «ምስለ ማለት ጋራ ነው፤ አስከትሎ ያለው ፊትና ኋላ ያበጃል። ግእዙ ማን እንደ ቀደመ አልነገረንም» አሉ። እውነት ነው፤ አማርኛው ያማረ፥ ሥዕሉም የሚያስደስት ነው፥ ነገር ግን ሥዕሉ ከግእዙ የመጣ አይደለም። ለዚህ ግማሽ ነጥብ ብንቀንስ ልጅቱን አንበድላትም።

ይህንን የጨመረና የጎደለ ነገር ለማወቅ የኔታ ያስተማሩኝ ሌላ ፈተና አለ፤ እርሱም የተማሪውን አማርኛ በሐሳብ ወደ ግእዝ መመለስ ነው። ሁለት ወንዶች ልጆች የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ተርጕመውት ነበር። አንዱ «ንጉሡ ወደ ከተማው በመጣ ጊዜ ሕዝቡ ተቀበለው» አለ፤ ሌላው «ንጉሡ ወደ ከተማው ስለ መጣ ሕዝቡ ተቀበለው» አለ። ለዓይን አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱም ከወረቀቴ ይለያሉ፥ ልዩነታቸውም አንዲት ቃል ናት። ወደ ግእዝ ሲመለሱ ግን የመጀመሪያው «ሶበ መጽአ» ይሆናል፥ ሁለተኛው «እስመ መጽአ» ይሆናል። በግእዙ የነበረው «ወ» ብቻ ነው፤ አንዱን ነገር ከሌላው በኋላ አያይዞ ያኖራል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። በመጣ ጊዜ ያለው ልጅ በ«ወ» ውስጥ ተሸሽጎ የነበረውን የጊዜ ቅደም ተከተል ገለጠው፤ ስለ መጣ ያለው ግን ምክንያትን ከራሱ አምጥቶ ጨመረ። ስለዚህ ለመጀመሪያው ሙሉ፥ ለሁለተኛው አንድ ነጥብ ሰጠሁ። የዚያ ሳምንት ትምህርት ስለ «ወ» አገባብ ቢሆን ኖሮ ግን ለመጀመሪያውም አንድ ነጥብ በቀነስሁ ነበር፤ ፍርዱ የሚለወጠው ግእዙ ስለ ተለወጠ ሳይሆን የተጠየቀው ሌላ ስለሆነ ነው። የተጠየቀው ይህ ከሆነ ግን ጥያቄው ራሱ ለተማሪው እንዲህ ብሎ መንገር አለበት፤ በልብ ተይዞ በቀይ ብዕር የሚገለጥ ሕግ ሕግ አይደለም።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት በብራና ዘመንም እውነት ነበር። ፎቶግራፉ የጨመረው ችግር ግን በሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ነው የታየው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባኛል።

«ርእየ ሙሴ ንጉሠ» የሚለውን ልብ አድርገው ይመልከቱ። በግእዝ ተሳቢ ሲሆን ሳድሱ ወደ ግእዝ፥ ሣልሱ ወደ ኃምስ ይለወጣል፤ ንጉሥ የነበረው ንጉሠ ይሆናል። ሙሴ የሚለው ስም ግን በኃምስ የሚያልቅ ስለሆነ ሃ ካልተጨመረበት በቀር ባለቤትም ቢሆን ተሳቢም ቢሆን መልኩን አይለውጥም። እንግዲህ በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ማን እንዳየ፥ ማንስ እንደ ታየ የሚነግረን አንድ ፊደል ብቻ ነው፤ በሠ ቢያልቅ ሙሴ ንጉሡን አየ፥ በሥ ቢያልቅ ንጉሡ ሙሴን አየ ማለት ነው። በሁለቱ ፊደላት መካከል ያለው ልዩነት የጤፍ ቅንጣት የምታህል ቅጥያ ናት።

አንድ ተማሪ «ንጉሥ ሙሴን አየ» ብሎ ጽፎ ነበር። በመጀመሪያው ማታ ሦስቱም ቃላት በወረቀቴ ላይ ስላሉ፥ የተዛወረችውም አንዲት ን ብቻ ስለሆነች፥ «ለትንሽ ስሕተት» ብዬ አንድ ነጥብ ሰጥቼው ነበር። ልብ ይበሉ፤ ልጅቱ ቃላቱን አዘዋውራ፥ ግሡን አክብራ «ንጉሡን ሙሴ አያቸው» ስትል እውነቱን ጠብቃ ሳለ አንድ አገኘች፤ ይህ ልጅ ደግሞ አድራጊውን ተደራጊ፥ ተደራጊውን አድራጊ አድርጎ ሳለ እርሱም አንድ አገኘ። ቃል ከቃል የሚያመሳክር ዓይን ሁለቱን እኩል አደረጋቸው።

የኔታ ግን የልጁን ገጽ በስልኬ ላይ አስፍቼ ባሳየኋቸው ጊዜ ከመልሱ በላይ ያለውን መስመር፥ ልጁ የገለበጠውን ግእዝ፥ አንብብልኝ አሉኝ። ልጁ የጻፈው «ርእየ ሙሴ ንጉሥ» ነበር። ያነበበው ንጉሥን ነው፥ የተረጐመውም ያነበበውን ነው፤ ትርጉሙም ላነበበው ትክክል ነበር። ታዲያ የተሳሳተው የት ነው ብዬ ወደ ኋላ ስከታተል፥ ጥያቄውን የላክሁላቸው ራሴ በሻማ ብርሃን ፎቶግራፍ አንሥቼ መሆኑን አስታወስሁ። የአውራ ጣቴ ጥላ በገጹ ታች ወድቋል፤ ቴሌግራም ደግሞ ሥዕልን እንደ ፎቶ ሲልኩት መጠኑን ለማሳነስ ይጨምቀዋል፥ ሲጨምቀውም ቀጫጭን ጭረቶች ይደበዝዛሉ። በልጁ ስልክ ላይ የደረሰው ፊደል ሠ ይሁን ሥ፥ እኔ ራሴ ከላክሁት ላይ ባነበብሁት ጊዜ መለየት አልቻልሁም። የልጁን ሁለት ነጥብ መልሼ ሰጠሁት፤ ስሕተቱ የእኔ ነበርና።

ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼን የማሳስባቸው፥ እኔም የምጠነቀቀው ይህን ነው። ፎቶው በቀን ብርሃን፥ በመስኮት አጠገብ፥ ስልኩ ከደብተሩ ትይዩ ከላይ ሆኖ ይነሣ፤ ሲላክም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፥ እንዲህ ሲሆን ሳይጨመቅ ይደርሳልና። ተማሪውም መልሱን ብቻ ሳይሆን የገለበጠውን ግእዝ አብሮ በገጹ ላይ ያኑር። ግእዙ ከሌለ አራሚው ተማሪው የተረጐመውን ያያል እንጂ ከምን እንደ ተረጐመ አያውቅም፤ የመገልበጥ ስሕተትና የመተርጐም ስሕተት አንድ ሆነው ይቆጠራሉ። ፊደሉ ካልተለየም በግምት ከመፍረድ «ይህችን መስመር ደግመህ አንሥተህ ላክልኝ» ማለት ይሻላል።

በአራተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ብዙ አልቆይም። ሰአለ ለመነ ነው፥ ሠዐለ ግን ሥዕል ሣለ ነው፤ አማርኛችን ሁለቱን ሰ፥ ሁለቱን አ በድምፅ ስለማይለያቸው ሁለት ተማሪዎች ሴቲቱ ንጉሡን «ሣለች» አሉ። ይህ አማራጭ ሳይሆን ስሕተት ነው፤ ኀበ የሚለው ቃል ልመናው ወደ ማን እንደ ቀረበ እያመለከተ ሊያስጠነቅቃቸው ይችል ነበር። በአማርኛው መልስ ላይ ግን ሕዝብን ህዝብ፥ ሀገርን አገር ብሎ የጻፈ ተማሪ በትርጉም ፈተና ነጥብ አይቀነስበትም፤ እርሱ የፊደል እንጂ የትርጉም ጉዳይ አይደለም።

አምስተኛው ዐረፍተ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ አሳፈረኝ፤ በዚህኛው የተሳሳትሁት ትክክለኛውን በመጣል ብቻ ሳይሆን ስሕተቱንም በመቀበል ነውና። ይትበላዕ ተደራጊ ነው፤ በጉ ሌላውን የሚበላ ሳይሆን ሌሎች የሚበሉት ነው። የእኔ መልስ «ይህ በግ በበዓል ይበላል» ይል ነበር። እኔ ይህን ስጽፍ በልቤ የሰማሁት በ የሚጠብቅበትን ይበላል ነው። ግን አማርኛ ሲጻፍ የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ በ ላልቶ ቢነበብ በጉ ራሱ ሣር ይበላል፥ ጠብቆ ቢነበብ ሰው በጉን ይበላዋል። ኅብስት ቢሆን ኖሮ ማንም አይሳሳትም፥ ኅብስት አይበላምና፤ በግ ግን ይበላል፥ ይበላልም፤ ይህን መስመር አንባቢው ራሱ አንዱን አላልቶ ሌላውን አጥብቆ ካላነበበው በቀር ምን እንዳልሁ እንኳ አይታወቅም።

እንግዲህ ከ27ቱ ተማሪዎች 19ኙ ልክ እንደ ወረቀቴ «ይበላል» ብለው ጽፈዋል፤ ሁሉም ሙሉ ነጥብ አግኝተዋል። ልጅቱ «ይበሉታል» በማለቷ ዜሮ አገኘች። ነገር ግን «ይህን በግ በበዓል ይበሉታል» ያለችው ልጅ ይትበላዕ ተደራጊ መሆኑን ከማወቅ በቀር በሌላ መንገድ ወደዚህ ልትደርስ አትችልም። አማርኛ አድራጊው ማን እንደሆነ ሳይናገር ሊቀር ሲፈልግ ይበሉታል፥ ይሉታል፥ ያደርጉታል ማለት ልማዱ ነው፤ ግእዙም በላተኛውን አልነገረንም። ወደ ግእዝ ብንመልሰው ይበልዕዎ እንጂ ይትበላዕ አይሆንም፥ ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን የመመለሱ ፈተና የሚጠይቀው ያው ቃል ይመለሳል ወይ ብሎ ሳይሆን፥ ያው በግ፥ ያው መበላት፥ ያው በዓል፥ ያው ያልተጠራ በላተኛ ይመለሳል ወይ ብሎ ነው። ይመለሳል። አንድ ሌላ ተማሪ «በበዓል ይታረዳል» ብሎ ነበር፤ በአገራችን የበዓል በግ ታርዶ ነው የሚበላው፥ እርድ ግን በግእዙ ውስጥ የለም፤ ልጁ ከዐረፍተ ነገሩ ሳይሆን ከጓሮው ነው የተረጐመው። ተደራጊነቱን ስላወቀ አንድ ነጥብ ሰጠሁት።

ስለ 19ኙ ግን ምን ይደረግ? ገጹን መቶ ጊዜ ቢያዩት ገጹ አይናገርም። የኔታ ነገሩን ሲሰሙ ጥቂት ዝም አሉና «እኛ ንባብን በጆሮ ነበር የተማርነው፤ ተነሹን ከወዳቂው የለየነው ከመምህር አፍ ነው። ልጆቹ አፍ የላቸውም ወይ?» አሉኝ። እኔም በዚያው ቀን ለ19ኙ «አምስተኛውን መልሳችሁን በድምፅ አንብባችሁ ላኩልኝ፥ በላተኛው ማን እንደሆነም በአንድ ቃል ንገሩኝ» ብዬ ላክሁ። እስከ ማታ 19ኙም ድምፅ ደረሰኝ። 13ቱ አጥብቀው አንብበው «ሰው» አሉ። 6ቱ አላልተው አንብበው «በጉ» አሉ፤ አንዱም «በበዓል ደኅና ሣር ስለሚሰጡት ነው» ብሎ ምክንያቱን ጨመረልኝ። እነዚህ ስድስቱ ወረቀቴን እስከ መጨረሻዋ ፊደል አስመስለው ግእዙን ስተው ነበር።

በሊቃውንቱ ዘንድ ይህ ሁሉ አዲስ ነገር አይደለም። የአንድምታ ትርጓሜ አንዱን ንባብ ይዞ «አንድም» እያለ ሌላ መንገድ ሲያመጣ፥ የመጀመሪያውን ሽሮ አይደለም፤ ግን ማንም የወደደውን ሁሉ በ«አንድም» አያስገባም፥ ንባቡ የሚሸከመውን ብቻ ነው። ከጎጃም ወጥቶ በካይሮ ዐሥር ዓመት ያህል ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ የመለሰው አቡ ሩሚም፥ በ1954 ዓ.ም. የታተመውን መጽሐፍ ቅዱስ የተረጐሙት ሊቃውንትም አንዱን ቦታ በተለያየ አማርኛ ጽፈዋል፤ የአንዱን ወረቀት ወስዶ ሌላውን በቀይ ብዕር የሚያርም ግን አላየሁም። የሚታረመው ከምንጩ ጋራ ነው።

የመልሴን ወረቀት ከዚያ በኋላ ቀየርሁት። ለሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ዛሬ የጻፍሁት አንድ ዐረፍተ ነገር አይደለም፤ «ያየ ሙሴ፥ የታየ ንጉሥ፥ ጊዜው ያለፈ፤ ቅደም ተከተልና አክብሮት በፈቃድ፤ ያየው ንጉሥ ከሆነ ግን የገለበጠውን ግእዝ ተመልከት» ይላል። ለአምስተኛው ደግሞ «በላተኛው በጉ አይደለም፤ ይበላል ካለ በድምፅ ይጠየቅ» የሚል አለበት። ተደራጊውን ግሥ ራሱን ለማስተማር በምፈልግበት ሳምንት ጥያቄው «አንቀጹን ሳትለውጡ ተርጕሙ» ብሎ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ይበሉታል ያለች ተማሪ ነጥብ ቢቀነስባት አስቀድሞ ተነግሯታል። ይህ ወረቀት ከቀድሞው ይልቅ ለመጻፍ ጊዜ ይወስዳል፤ ለማረምም እንዲሁ፤ ቀድሞ በአንድ ማታ የሚያልቀው አሁን ሁለት ማታ ይፈጅብኛል።

እናንተም በደብረ ማርቆስ፥ በባሕር ዳር፥ በአዲስ አበባ ሆናችሁ በስልክ የሚላክላችሁን የትርጉም መልመጃ የምታርሙ መምህራን፥ ግእዝም ቢሆን እንግሊዝኛም ቢሆን፥ ቀዩን ብዕር ከማንሣታችሁ በፊት የመልሱን ወረቀት ገልብጣችሁ ምንጩን አንድ ጊዜ እንድታነቡ እለምናችኋለሁ።

የዚያ ሳምንት መዝገብ እንዲህ ተስተካከለ። ልጅቱ ከ3 ወደ 9 ከግማሽ ወጣች፤ የቀረባት ግማሽ ነጥብ «አስከትለው» ያለችበት ነው። ሥ እና ሠ የተምታቱበት ልጅ ሁለት ነጥቡን አገኘ። ወረቀቴን ቃል በቃል ገጥመው 10 ከ10 ካገኙት መካከል ሁለቱ በጉን ራሱን በላተኛ አድርገው ስለ ነበር ወደ 8 ወረዱ።